የአጋርነት ጥያቄ መልእክት፦ አነስተኛ የቆዳ ቅባት አምራች ለከተማው ይዘት ፈጣሪ ምን ብሎ ይጽፋል?

የአጋርነት ጥያቄ መልእክት አንድ አምራች ምርቱን ለተከታዮቿ እንድታስተዋውቅለት ለአንዲት ይዘት ፈጣሪ በውስጥ መስመር የሚልከው አጭር ጽሑፍ ነው። ብዙውን ጊዜ ከአንድ የስልክ ገጽ አይበልጥም። በሰላምታ ቢጀምርም ሥራው የሰላምታ አይደለም። ምርቱ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደሚጠየቅ፣ ስንት እንደሚከፈልና ቪዲዮው ከተለቀቀ በኋላ በማን እጅ እንደሚሆን የሚናገር በመሆኑ ተቀባይዋ «እሺ» ያለች ዕለት የውሉ የመጀመሪያ ገጽ ይሆናል። ምርቱ የቆዳ ቅባት ሲሆን ደግሞ ኃላፊነቱ ይከብዳል፤ ስለ ጫማ የተጋነነ ወሬ የገዢን ገንዘብ ያስወጣል፣ ስለ ቅባት የተጋነነ ወሬ ግን ፊቱን ሊያበላሽ ይችላል።

ደብረ ብርሃን ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ምቹ ማሳያ ናት። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደግሞ ደረቅ ነፋስና ኃይለኛ ፀሐይ ነው። ደረቅና ቀዝቃዛ አየር የቆዳን እርጥበት ስለሚወስድ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ የእጅ ጀርባ ይሻክራል፣ ተረከዝ ይነቃል። ብርዱን በልጅነቱ የለመደ የከተማዋ ሰው ቅቤውንና ቫዝሊኑን ያውቃል። ከቆላ ወደ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የመጣ አዲስ ተማሪ ግን በመጀመሪያው ኅዳር ግራ ይጋባል። ስለዚህ በከተማዋ ለቆዳ ማለስለሻ ገበያ ለመፍጠር ሰው ቆዳውን እንዲጠላ ማድረግ አያስፈልግም፤ ችግሩን የአየሩ ጠባይ በየዓመቱ ይዞት ይመጣል።

ለማሳያ የሚሆነው በእውን ያለ ድርጅት ሳይሆን ለዚህ ጽሑፍ የታሰበ አነስተኛ አምራች ነው። ጠባሴ አካባቢ ይሠራል፤ ምርቱም 50 ግራም የሚይዝ ክዳን ባለው ትንሽ ቆርቆሮ የሚሸጥ የእጅ፣ የከንፈርና የተረከዝ ቅባት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከሰፈፍ ተነጥሮ የተጣራ የንብ ሰም አንድ እጅ፣ የሰሊጥ ዘይት አራት እጅ ሆኖ በውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይቀልጣል፣ ይዋሐዳል፣ ወደ ቆርቆሮው ይገለበጣል። ሰም የሚቀልጠው 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አለፍ ሲል ስለሆነ ከባድ ማሽን አያስፈልገውም። ቅባቱ ውሃ የሌለው መሆኑም ትልቅ ጥቅም አለው። ባክቴሪያና ሻጋታ ለመራባት ውሃ ይፈልጋሉ፤ ውሃ የገባበት ሎሽን መከላከያ ካልተጨመረበት ይበላሻል፤ ሰምና ዘይት ብቻ የሆነ ቅባት ግን ዘይቱ ራሱ እስኪበላሽ ድረስ ይቆያል። ትኩስ የእሬት ጭማቂ የሚጨምር አምራች ይህን ጥቅም በገዛ እጁ ያጣል።

ምርቱን እንዲህ በዝርዝር ማወቅ የመልእክቱ ዝግጅት ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ምርቱ ማድረግ የሚችለውና የማይችለው ከዚሁ ይታወቃል። ሰምና ዘይት በቆዳ ላይ ስስ ሽፋን ሠርተው እርጥበት እንዳይወጣ ያግዳሉ፤ የሻከረውን ያለሰልሳሉ። ከዚያ አያልፉም። ማዲያት አያጠፉም፣ ብጉር አያክሙም፣ ችፌ አያድኑም፣ ቆዳ አያቀሉም። ከፀሐይም አይከላከሉም። የመጨረሻው በተለይ ለደጋ ሰው መነገር አለበት። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ገደማ እየበረታ ይሄዳል። ብርድ የለመደ ሰው አየሩ ስለቀዘቀዘ ፀሐዩም የደከመ ይመስለዋል እንጂ ጨረሩ ከቆላው የበረታ ነው። በቤተ ሙከራ ያልተለካን ቅባት «ከፀሐይ ይከላከላል» ማለት ሰውን ያለ መከላከያ ለፀሐይ አሳልፎ መስጠት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የተቀባይዋ ምርጫ ነው። አነስተኛ አምራች ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የተከታይ ብዛት አይቶ በመሮጥ ነው። ብዙ ሺህ ተከታይ ያላት አዲስ አበቤ ቲክቶከር ቪዲዮዋን የሚያዩላት ግማሾቹ ውጭ አገር፣ ግማሾቹ ሞቃት ከተማ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቆርቆሮው ደግሞ የሚሸጠው ደብረ ብርሃን ባሉ ሱቆች ነው። ስምንት ሺህ ተከታይ ኖሯት ስለ ከተማዋ ምግብ፣ ስለ ተማሪ ኑሮ ወይም ስለ አንኮበር መንገድ የምትሠራ የአካባቢው ልጅ ለዚህ ሥራ ትሻላለች። ልዩነቱን ለማወቅ አስተያየቶቹን ማንበብ ይበቃል። «ይሄ ቤት የት ጋ ነው?»፣ «ከፒያሳ ወዲህ ነው ወዲያ?» ብለው የሚጠይቁ ሰዎች በእግራቸው መምጣት የሚችሉ ደንበኞች ናቸው። ልብና እሳት ብቻ የሞላበት ገጽ ግን ስለ ገዢ ብዙም አይናገርም። አምራቹ ከፈለገ የተመልካቾቿ መገኛ የሚታይበትን የስልክ ገጽ ፎቶ በትሕትና መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄው ግን ዋጋ ከቀረበ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

በዚህ ዝግጅት ላይ ተመሥርቶ የሚጻፍ መልእክት የሚከተለውን ይመስላል።

«ሰላም፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንጽፍልዎት ጠባሴ ከሚገኝ አነስተኛ የቆዳ ቅባት አምራች ነው። አዲስ ተማሪዎች ደብረ ብርሃን ሲመጡ ምን ልብስ ይዘው ይምጡ ብለው የሠሩትን ቪዲዮ አይተን ነው የመረጥንዎት፤ ከሥር ብዙ ሰው ስለ ከንፈርና ስለ እጅ መሰንጠቅ ጠይቆ ነበር።

ምርታችን ከንብ ሰምና ከሰሊጥ ዘይት ብቻ የተሠራ ማለስለሻ ነው። ሽቶ የለውም። መድኃኒት አይደለም፤ ቆዳ አያቀላም፤ ከፀሐይም አይከላከልም። ሁለት ቆርቆሮ እናመጣልዎታለን፤ 14 ቀን ይሞክሩት። ካልተስማማዎት ቪዲዮ አይጠበቅብዎትም፤ ለሞከሩበት 500 ብር እንከፍላለን።

ከተስማማዎት ከ60 እስከ 90 ሰከንድ የሆነ አንድ ቪዲዮ እንዲሠሩልን እንጠይቃለን። የሚናገሩት በራስዎ አነጋገር ይሁን። ማስታወቂያ መሆኑ መጀመሪያ ላይ ይነገር፤ የፊት ማሳመሪያ ፊልተር አይግባበት። ከመልቀቅዎ በፊት የምናየው ስለ ምርቱ የተነገረው እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ብቻ ነው፤ እርማትም ካለን አንድ ጊዜ ብቻ እንጠይቃለን።

ክፍያው 4,000 ብር ነው፤ ግማሹ ቅድሚያ ክፍያ ሲሆን ቀብድ አይደለም፣ ግማሹ ቪዲዮው በተለቀቀ በሦስት ቀን ውስጥ ይከፈላል። በእርስዎ ኮድ ከተሸጠ ከእያንዳንዱ ቆርቆሮ 30 ብር በየወሩ መጨረሻ እንጨምራለን። ቪዲዮው የእርስዎ ነው፤ በገጽዎ ላይ 90 ቀን ይቆይልን፤ እኛም በቴሌግራም ቻናላችን ለዚሁ 90 ቀን ብቻ እናጋራዋለን። በማሸጊያም ሆነ በሰሌዳ ላይ ፎቶዎን አንጠቀምም።

የንግድ ፈቃዳችንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችን ከታች አለ። ይህ ሐሳብ እስከ ጥቅምት 25 ይጸናል። ባይመችዎትም ቅር አይለንም፤ ከዚያ በኋላ አንጨቀጭቅዎትም። እናመሰግናለን።»

የአጠራሩ ነገር ቀላል አይደለም። በብዙ የንግድ መልእክቶች «ሰላም ውዴ»፣ «ሃይ ቆንጆ» ማለት የተለመደ ሆኗል። የቆዳ ቅባት የሚሸጥ ነጋዴ የማያውቃትን ሴት «ቆንጆ» ብሎ ሲጀምር ወይ አሽኮርማሚ ይመስላል ወይ አጭበርባሪ። በሰሜን ሸዋ ለማያውቁት ሰው «እርስዎ» ማለት ልጅ አዋቂ ሳይል ያስኬዳል፤ እሷ «አንቺ በሉኝ» ካለች በኋላ መቀራረቡ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ከሰላምታው ቀጥሎ የተጠቀሰው አንድ የተወሰነ ቪዲዮ ነው፤ «ሥራሽን በጣም እንወደዋለን» የሚል መልእክት ለመቶ ሰው ሊላክ ይችላል፣ የተማሪዎቹን ቪዲዮና ከሥሩ የተጠየቀውን የጠቀሰ መልእክት ግን ለአንድ ሰው ብቻ የተጻፈ መሆኑ ይታወቃል።

የምርቱ መግለጫ ሦስት «አይደለም» የያዘው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የተቀባይዋ ሥጋት ነው። ገበያ ላይ ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞች ሞልተዋል፤ ከእነዚህም ሃይድሮኪኖን፣ ሜርኩሪ ወይም እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ የተቀላቀለባቸው ይገኛሉ። ስቴሮይድ ያለበት ክሬም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊትን ጥርት፣ ልስልስ ያደርጋል፤ ብዙ አስተዋዋቂዎችንም የሚያታልለው ይኸው ነው። ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር ያመጣል፤ ሲቋረጥ ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ይቃጠላል። ሜርኩሪ ከቆዳ አልፎ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ስለዚህ ቅባት ሲቀርብላት አስተዋይ ይዘት ፈጣሪ የምትመለከታቸው ምልክቶች አሉ፦ የይዘቱ ዝርዝር ያልተጻፈበት፣ ስም አልባ በሆነ ዕቃ የተሞላ፣ በሦስት ቀን ለውጥ የሚታይበት፣ «አራት ክሬም አቀላቅለን የሠራነው» የሚባል ምርት አይነካም። ይዘቱን በመጀመሪያው መልእክት የጻፈ አምራች ይህን ሥጋት ሳይጠየቅ ይመልሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ሕግ ነው። በኢትዮጵያ ኮስሞቲክስ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር የሚወድቅ ምርት ነው፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። አንድ ቅባት «ያለሰልሳል» እስከተባለ ድረስ ኮስሞቲክስ ነው። «ችፌ ያድናል»፣ «ማዲያት ይነቅላል» ሲባል ግን የመድኃኒት ባሕርይ እየተሰጠው ነው፤ መድኃኒት ደግሞ በማስረጃ ተመርምሮና ተመዝግቦ እንጂ በወሬ ገበያ አይወጣም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በዚህ ምክንያት የአምራቹ መልእክት «በቪዲዮው ላይ ማዲያት እንደሚያጠፋ ብትጠቅሺልን» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ከያዘች ስህተቱ በጽሑፍ የተቀመጠ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። ጠያቂው ራሱን ያስጠይቃል፤ የተቀበለችውም «የተባልኩትን ነው የተናገርኩት» ብላ በቀላሉ አትወጣም።

የ14 ቀኑ ሙከራና የ500 ብሩ ክፍያ አብረው የሚሄዱ ናቸው። ያልሞከሩትን ምርት «ተጠቅሜ ወደድኩት» ማለት ውሸት ነው፤ ሞክራ ያልተስማማት ሰው ደግሞ ክፍያ እንዳያመልጣት ብላ ልትዋሽ ትችላለች። ለሙከራው ራሱ ትንሽ ሲከፈላት «አይሆንም» ማለት ቀላል ይሆንላታል፤ አምራቹም ከቪዲዮ በፊት የምርቱን ጉድለት ያውቃል። አሞካከሩም መነገር አለበት። መጀመሪያ ጥቂት ቅባት በክንድ ውስጠኛ ክፍል ተቀብቶ እስከ ሁለት ቀን ይጠበቃል፤ ካሳከከ ወይም ከቀላ ይተዋል። ከዚያ ማታ እጅ ከታጠበ በኋላ፣ ቆዳው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ይቀባል፤ ቅባቱ የሚያግደው በቆዳው ላይ ያለውን እርጥበት ስለሆነ በደረቀ ቆዳ ላይ ሲቀባ ጥቅሙ ይቀንሳል።

በሙከራው ወቅት የሚመጣ አንድ የደብረ ብርሃን ጣጣ አለ። አንድ እጅ ሰም ለአራት እጅ ዘይት ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ልስልስ የነበረ ቅባት በታኅሣሥ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ጣት አላስገባ ብሎ ይጠነክራል። ይዘት ፈጣሪዋ ካሜራ ከፍታ ቆርቆሮውን በጥፍሯ ስትፍቅ ብትታይ ቪዲዮው ለምርቱ ስድብ ይሆናል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ለክረምትና ለበጋ የተለያየ መጠን ማዘጋጀት፣ ማለትም ለብርዱ ወራት የዘይቱን ድርሻ አምስት እጅ ማድረግ፤ አለዚያም ናሙናው ሲሰጥ ጣትን በቅባቱ ላይ አስቀምጦ ማሞቅ እንደሚያስፈልግ መንገር። እንዲህ ያለ ጉዳይ ተመልካቹ አይቶ ከሚስቅበት በፊት በመልእክትና በናሙና ደረጃ መታወቅ ይኖርበታል።

የቪዲዮው አሠራር ላይ አምራቹ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ የሚጠይቀው ግን የግድ የሆነውን ነው። ፊልተር የቆዳን ሸካራነት ስለሚያጠፋ በፊልተር የተቀረጸ የቅባት ማስታወቂያ ቅባቱን ሳይሆን ፊልተሩን ያሳያል። «ከመጠቀሜ በፊት፣ ከተጠቀምኩ በኋላ» የሚባለው ማነጻጸሪያም እንዲሁ አሳሳች ነው፤ ጠዋት በመስኮት ብርሃን የተነሣ እጅና ማታ በቢጫ አምፑል የተነሣ እጅ ያለ ምንም ቅባት ሁለት እጅ ይመስላሉ። ማነጻጸር ካስፈለገ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ስልክ መቅረጽ ነው።

ማስታወቂያ መሆኑን መግለጽም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ቲክቶክ ቪዲዮ ሲለቀቅ የንግድ ይዘት መሆኑን የሚያሳውቅ ማብሪያ አለው፤ ሲበራ በቪዲዮው ላይ «Paid partnership» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ የማያነበውን ተመልካች ስለማይረዳ በቃል መናገሩ አይቀርም፤ «ይህ የተከፈለኝ ማስታወቂያ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሞክሬዋለሁ» ብሎ መጀመር ይበቃል። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያ በነጻ የተሰጠ ዕቃ እንኳ እንደ ጥቅም ስለሚቆጠር መገለጥ አለበት። አንዳንድ አምራቾች ማስታወቂያ መባሉ ገዢ ያሸሻል ብለው ይሠጋሉ። በትንሽ ከተማ ግን ሻጩና አስተዋዋቂዋ እንደሚተዋወቁ መታወቁ አይቀርም፤ ሲደበቅ ቆይቶ የታወቀ ክፍያ ሁለቱንም ያሳፍራል።

ገንዘቡ ከየት እንደመጣ በስሌት ማየት ይቻላል። ቆርቆሮው በ350 ብር ይሸጣል እንበል፤ ሰሙ፣ ዘይቱ፣ ዕቃው፣ መለያውና የሱቁ ድርሻ ተደምሮ 210 ብር ይፈጃል። ለአምራቹ የሚቀረው 140 ብር ነው። ሁለቱ ናሙናዎች በዚሁ ሒሳብ ቢበዛ 420 ብር ወጪ ይያዝላቸው። ለቪዲዮው አንድ ጊዜ 7,000 ብር ቢከፍል ጠቅላላ ወጪው 7,420 ብር ይሆናል፤ ይህን ለመመለስ 53 ቆርቆሮ መሸጥ አለበት። በመልእክቱ በቀረበው መንገድ ግን መነሻ ወጪው 4,420 ብር ነው፤ ለኮዱ 30 ብር ሲቀነስ ከእያንዳንዱ የሚቀረው 110 ብር ስለሆነ 41 ቆርቆሮ ሲሸጥ ወጪውን ይመልሳል። ሁለቱ መንገዶች እኩል የሚሆኑት 100 ቆርቆሮ ሲሸጥ ነው። ከዚያ በታች ሁለተኛው ለአምራቹ ይሻላል፤ ከዚያ በላይ ለይዘት ፈጣሪዋ ይሻላል። ስለዚህ አደጋውን ተካፍለዋል ማለት ነው።

በአንጻሩ ክፍያ የሌለው «በተሸጠው ልክ ብቻ» የሚል ሐሳብ አደጋውን ሁሉ በእሷ ላይ ይጥላል፤ ቅባቱ ባይሸጥ ጥፋቱ የዋጋው ወይም የሱቁ ሊሆን ይችላልና። «ምርት በነጻ እንሰጥሻለን» የሚለው ደግሞ የሁለት ሳምንት ሙከራን፣ የቀረጻንና የቅንብርን ድካም በሁለት ቆርቆሮ ይገዛል። ዋጋን ሳይጽፉ «ዋጋሽ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ቁጠባ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው። ያልለመደች ፈጣሪ እንዳታንስም እንዳትወደድም ትፈራለች፤ የለመደችው ደግሞ ቁጥር ወደጻፈው ትሄዳለች። ኮድ ሲኖር አቆጣጠሩ መነገር አለበት። ደብረ ብርሃን ውስጥ ብዙው ግዢ በሱቅ በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር ስለሚከናወን ባለሱቁ ኮድ የነገረውን ደንበኛ በደብተር ካልመዘገበ የወሩ መጨረሻ ጭቅጭቅ ነው። የሚከፈላት ገንዘብ ገቢ ስለሆነ በሁለቱም በኩል ግብርና ደረሰኝ እንደሚከተለው አስቀድሞ ታስቦ መያዝ አለበት።

በመልእክቱ ውስጥ «ቅድሚያ ክፍያ ሲሆን ቀብድ አይደለም» የተባለው ለማሳመር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቀብድ የተለየ ውጤት ሰጥቶታል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቅቆ ከውሉ መውጣት ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለ ወገን መውጣት ከፈለገ ግን የተቀበለውን እጥፍ ይመልሳል። 2,000 ብሩ «ቀብድ» ተብሎ ቢጻፍና ይዘት ፈጣሪዋ ሐሳቧን ብትለውጥ 4,000 ብር ልትጠየቅ ትችላለች። ቅድሚያ ክፍያ ከተባለ ግን ሥራው ካልተሠራ የተቀበለችውን ትመልሳለች።

«እስከ ጥቅምት 25 ይጸናል» የሚለውም ከዚሁ ሕግ ጋር ይገናኛል። የጊዜ ገደብ ያለው የውል ሐሳብ ያቀረበ ሰው እስከዚያ ቀን በሐሳቡ ይታሰራል፤ በመካከል ሌላ ርካሽ ፈጣሪ አገኘሁ ብሎ ሊሰርዝ አይገባውም። ስለዚህ አምራቹ ሊያከብረው የሚችለውን አጭር ቀን ይጽፋል። በሌላ በኩል ዝምታ መቀበል አይደለም። «በሦስት ቀን ካልመለሱ እንደተስማሙ እንቆጥራለን» የሚል መልእክት ተቀባይዋን አያስገድድም። ቀኑ የተመረጠውም ከአየሩ ጋር ታይቶ ነው፤ በጥቅምት መጨረሻ የተስማማች ፈጣሪ 14 ቀን ሞክራ በኅዳር አጋማሽ፣ ልክ ብርዱ ሲጠነክርና ሰው የሚቀባ ሲፈልግ ቪዲዮዋን ትለቃለች። በመጋቢት የተለቀቀ ያው ቪዲዮ ገዢው ችግሩን ከረሳው በኋላ ይደርሳል።

የቪዲዮው ባለቤትነት ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀርና ከወራት በኋላ ጸብ ይሆናል። ክፍያ የከፈለ አምራች «የገዛሁት ነው» ብሎ ያስባል፤ የሠራችው ደግሞ የራሷ አድርጋ ታስባለች። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን በመርህ ደረጃ ለሥራው አመንጪ ቢሰጥም በትእዛዝ ለተሠራ ሥራ ይህ ሊለይ ስለሚችል የቪዲዮው ባለቤት ማን እንደሆነ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። ፊቷን በሚመለከት ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቪዲዮ ለመሥራት መስማማት ፊቷ በቆርቆሮ ክዳን ላይ እንዲታተም መስማማት አይደለም። መልእክቱ ቦታውን በቴሌግራም ቻናል፣ ጊዜውን በ90 ቀን የወሰነው ለዚህ ነው። አምራቹ ቪዲዮውን ገንዘብ ከፍሎ ለብዙ ሰው ማሰራጨት ወይም ለሰሌዳ መጠቀም ቢፈልግ በሌላ ዋጋ ሌላ ስምምነት ያደርጋል።

መልእክቱ ከተላከ በኋላ ተቀባይዋ የምታጣራው ላኪው ማን እንደሆነ ነው። በምርት ስም የሚመጡ የማጭበርበሪያ መልእክቶች አሉ፤ ምልክታቸውም ይታወቃል። «ለናሙናው መላኪያ ትንሽ ይክፈሉ» ይላሉ፣ በስልክ የሚመጣ ቁጥር እንዲነገራቸው ይጠይቃሉ፣ ወይም የማይታወቅ ማስፈንጠሪያ ይልካሉ። እውነተኛ አምራች የማንንም የይለፍ ቁጥር አይፈልግም። የንግድ ፈቃድ መኖሩን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኦንላይን አገልግሎት etrade.gov.et ላይ ማየት ይቻላል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ደግሞ የበለጠ ቀላል መንገድ አለ፤ ናሙናውን ከሥራ ቦታው ሄዶ መቀበል። ቅባቱ የሚሠራበትን ክፍል ንጽሕና፣ በቆርቆሮው ላይ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የምርት መለያ ቁጥርና የይዘት ዝርዝር መኖሩን በዓይኗ ታያለች።

ቪዲዮው ከወጣ በኋላ የሚመጡትን አስተያየቶች ማን እንደሚመልስ በስምምነቱ ጊዜ መወሰን አለበት። ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ «ለልጄ ችፌ ይሆናል?» የሚል መሆኑ የማይቀር ነው። ይዘት ፈጣሪዋ ለተከታይዋ አዝና «ሞክሪው» ብትል መልእክቱ በጥንቃቄ ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ቃል ይፈርሳል። የሚሻለው አንድ የተስማሙበት መልስ ነው፦ «መድኃኒት አይደለም፤ ለችፌ ሐኪም ያማክሩ።» ካሳከከው ወይም ካቀላው ሰው የሚመጣ አስተያየት አይሰረዝም። አምራቹ ሰውየው የገዛውን ቆርቆሮ መለያ ቁጥር ይጠይቃል፣ ቅባቱን እንዲያቆም ይነግረዋል፣ ገንዘቡን ይመልሳል። ከአንድ መለያ ቁጥር ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ቅሬታ ከመጣ ችግሩ ከዚያ ጊዜ ዘይት ወይም ሰም ሊሆን ስለሚችል ያ ምርት ከሱቅ ይነሣል፣ ቪዲዮውም እስኪጣራ ይወርዳል።

ሁለቱ ሲስማሙ የመጨረሻው ሥራ በመልእክት ልውውጡ ውስጥ የተለወጠውን ሁሉ በአንድ ጽሑፍ መሰብሰብ ነው። ተቀባይዋ 4,000ውን ወደ 4,500 ከፍ አድርጋ፣ 90 ቀኑን ወደ 60 አውርዳ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው የተለወጠ መልስ አዲስ ሐሳብ እንጂ መቀበል ስላልሆነ አምራቹ በግልጽ «ተስማምተናል» እስኪል ውል የለም። ከዚያ የምርቱ ስም፣ የማይባሉ ነገሮች፣ የቪዲዮው ብዛትና ቀን፣ ክፍያውና የሚከፈልበት ጊዜ፣ የአጠቃቀሙ ቦታና ጊዜ በአንድ ገጽ ተጽፈው ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ቅጂውን ሁለቱም ይይዛሉ። የመጀመሪያው መልእክት በሚገባ ከተጻፈ ይህ ገጽ ከእሱ ብዙ አይለይም።